ጊንጥን ቀድሞ ማየት ይቻላል

ጊንጥ ሰውን የሚያሸንፈው ባለመታየቱ ነው። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቆ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል፤ ቀለሙ ከአሸዋውና ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል፤ ኮቴው አይሰማም። ግን አንድ ድካም አለበት። አልትራቫዮሌት የሚባለው ብርሃን ሲያርፍበት ገላው በጨለማ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ብርሃኑን የሚሰጠው የእጅ ባትሪ ከ20 ዶላር በታች ይገዛል። ይህን የያዘ ሰው ጊንጥ እስኪነድፈው አይጠብቅም፤ ሄዶ ያገኘዋል።

ይህን ጽሑፍ በተለይ በአሪዞና፣ በፊኒክስና በቱሳን አካባቢ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ከሲያትል ወይም ከሚኒሶታ ብርድ ሸሽታችሁ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ገዝታችሁ ወደዚያ የገባችሁ ብዙ ናችሁ። ከሰፈር ሰው መጀመሪያ የምትሰሙት የጊንጥ ወሬ ነው። ያን ወሬ ሰምቶ ቤቱን የሚጠላና ልጆቹን ግቢ ማስወጣት የሚፈራ ሰው አለ። የሚያስፈልገው ግን አንድ ምሽት ተነሥቶ ግቢውን መዞር ነው።

በአሪዞና በርካታ የጊንጥ ዓይነቶች ቢኖሩም ለሰው በእርግጥ የሚያሰጋው አንዱ ነው። በዛፍ ቅርፊት ሥር መደበቅ ስለሚወድ የአገሩ ሰው በቅርፊት ስም ይጠራዋል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሴንትሩሮይደስ ስኩልፕቹራተስ ነው። ርዝመቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ቀለሙ እንደ ደረቀ ሣር ነጣ ያለ ቢጫ ሲሆን የፊት መቆንጠጫዎቹም ጅራቱም ቀጫጭን ናቸው። በዚያው በረሃ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ፣ ፀጉራምና አስፈሪ መልክ ያለው ጊንጥ አለ። መርዙ ግን ከዚህ ከትንሹ ደካማ ነው። ስለዚህ ትልቁን አይታችሁ ስትደነግጡ ትንሹን አትናቁ።

የቅርፊቱ ጊንጥ ከሌሎቹ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ ወደ ላይ ይወጣል። ሸካራ ግድግዳ፣ ዘንባባና የብሎኬት አጥር ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። ዕረፍቱም ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ተገልብጦ ተጣብቆ ነው። ወንበር ለማንሣት ጣቱን ከመቀመጫው ሥር የሚሰድ ሰው፣ ሣጥን ከታች የሚያቅፍ ሰው፣ የተሰቀለ ፎጣ የሚጨብጥ ሰው የሚነደፈው በዚህ ምክንያት ነው። እጅ ከመስደድ በፊት ገልብጦ ማየት የሚባለው ምክር ከዚህ ጠባዩ የመጣ ነው።

አሁን ወደ አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። በፊኒክስ ምዕራብ በኩል የሚኖሩ ባልና ሚስት የአራት ዓመት ልጅና አንድ ጨቅላ አላቸው። አንድ ጠዋት በመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ጊንጥ አዩ። እናትየዋ ደውላ «ወንድሜ፣ ቤቱን እንልቀቅ ወይ?» አለችኝ። «እቴ፣ ቤቱን ከመልቀቅሽ በፊት አንድ ማታ አብረን እንዙረው» አልኳት። ወሩ ሰኔ ነበር። የሌሊቱ ሙቀት ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጊንጥ በደንብ ይንቀሳቀሳል፤ የፊኒክስ ሰኔ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሰዓት ያህል ቆየንና ጀመርን። ሁላችንም የተሸፈነ ጫማ አድርገናል። አባትየው ባትሪውን፣ እኔ ደግሞ ክንድ የሚያህል ረጅም የብረት መቆንጠጫና ክዳን ያለው የመስታወት ማሰሮ ይዘናል። ልጆቹ ቤት ውስጥ ከአያታቸው ጋር ቀሩ።

የመጀመሪያው የተገኘው አጥሩ ላይ ነው። የብሎኬት አጥር ሰው ሲያየው ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቀን የሚያቀዘቅዝ፣ ሌሊት የሚያሞቅ ረጅም መኖሪያ ነው። በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ፣ ልስኑ በተሰነጠቀበት ቦታ አራት ጊንጥ አገኘን። አንዲቱ ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ልጆቿን ተሸክማ ነበር። ጊንጥ እንቁላል አትጥልም፤ በሕይወት ያሉ ልጆች ትወልዳለች። አንዴ ሠላሳ ያህል ልጆች ወልዳ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ ድረስ አዝላ ትዞራለች። ለእነዚያ ወላጆች ይህ የምሽቱ ትልቁ ዜና ነበር። ጊንጡ ከሩቅ በረሃ የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን እዚያው አጥር ውስጥ የሚራባ ነው፤ ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከአጥሩ ነው።

ቀጥሎ የበረንዳው ግድግዳ ነበር። ከነጩ አምፖል ሥር አንድ ጊንጥ፣ አጠገቡም ብዙ ፌንጣና በረሮ አገኘን። ጊንጥ ብርሃን አይወድም፤ የሚከተለው ምግቡን ነው። ነጭ መብራት ነፍሳትን ይጠራል፤ ነፍሳቱ ደግሞ ጊንጥ ይጠራሉ። ያን አምፖል በቢጫ መቀየር ብቻውን ከበሩ ደጃፍ አንድ ማዕድ ያነሣል። የውሃ መስመሩ ቧንቧ የሚገጠምበት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው የፕላስቲክ ሣጥን ክዳኑ ሲነሣ፣ ቧንቧው ስለሚያንጠባጥብ ውስጡ እርጥብና በበረሮ የተሞላ ነበር። ከሁለቱ ዘንባባዎች የወደቁ ደረቅ ቅጠሎችና የማገዶ እንጨትም ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተቆልለው ነበር። ቅጠሉና የማገዶ እንጨቱ ከቤቱ ራቁ፤ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ተጠገነ። ለዚህ ምንም ወጪ አልወጣም።

ከዚያ ወደ ቤቱ መግቢያ ተመለስን። ጊንጥ 1.6 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፍተት ያልፋል። ይህን ቁጥር በእጅ ለመለካት ሁለት የባንክ ካርድ ደርባችሁ ያዙ፤ ውፍረታቸው ከሞላ ጎደል ያን ያህል ነው። ሁለቱ ካርድ የሚገባበት ስንጥቅ ሁሉ ለጊንጥ በር ነው። ሌላው መፈተኛ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ አንዳችሁ ውስጥ ሁኑ፤ ሌላው ከውጭ በተራ ባትሪ የበሩን ዙሪያ ያብራ። ብርሃን የገባበት ቦታ ጊንጥም ይገባበታል። በዚያ ቤት ብርሃኑ በጋራዡ በር ሁለት ማዕዘኖችና በኩሽናው በር ሥር ወለል ብሎ ታየ። የሁለቱ በሮች የታችኛው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተቆርሶ ነበር። አባትየው በማግሥቱ አዲስ ጎማ ገዛ። ከሲንኩ ሥር ቧንቧ በግድግዳ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ የመስኮቱን ጠርዝና የአየር ማቀዝቀዣው መስመር የሚገባበትን ክብ በሲሊኮን ደፈነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በልስኑ ግድግዳ እግር ሥር፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በብረት የተያዘ ቀጭን ክፍተት ታያላችሁ። እሱ ግድግዳው ውስጥ የገባ እርጥበት የሚወጣበት ነው። በሲሊኮን ከደፈናችሁት ጊንጡን ስትከለክሉ ግድግዳውን ታበሰብሳላችሁ። በቀጭን የብረት ወንፊት ይሸፈናል እንጂ አይደፈንም።

ስለ መርጫ መድኃኒት በየጊዜው እጠየቃለሁ። ጊንጥ ገላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእግሮቹ ጫፍ ስለሚሄድ የተረጨው መድኃኒት እምብዛም አይነካውም፤ በረሮን እንደሚገድል አይገድለውም። መርጨት የሚጠቅመው ምግቡን ስለሚያጠፋ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ አስቀድማችሁ ለጎማና ለሲሊኮን አውሉት። ባትሪው የሚያሳያችሁን ደግሞ በመቆንጠጫ ያዙና ማሰሮ ውስጥ ክተቱት፤ ወይም ወፍራም ሶል ባለው ጫማ ጨፍልቁት። በባዶ እጅና በወረቀት መሞከር አይገባም። ቆዳውን በቅርቡ የቀየረ ጊንጥ እስኪጠነክር ድረስ በደንብ እንደማያበራም እወቁ። አንድ ማታ ምንም አለማየት ቤቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ መድገም ያስፈልጋል።

እና ያ ገንዳ ውስጥ የታየው? ጊንጥ ልሙጥ ነገር ላይ መውጣት አይችልም። ውሃ ፍለጋ ወይም ከጣሪያ ወድቆ ገንዳው ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ጠዋት ይገኛል። ይህንኑ ድካሙን ለሕፃኑ አልጋ ተጠቀምንበት። አልጋው ከግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቀ፤ አንሶላና ብርድ ልብስ ወለል እንዳይነካ ተደረገ፤ የአልጋው አራት እግሮች ንጹሕና ልሙጥ የመስታወት ማሰሮዎች ውስጥ ቆሙ። ማሰሮው አቧራ ከለበሰ መርገጫ ስለሚሆነው በየጊዜው መጠረግ አለበት። የወላጆቹም አልጋ ከግድግዳ ራቀ። ጫማ ከመጫማት በፊት ማራገፍ፣ ወለል ላይ ያደረ ልብስና ፎጣ አራግፎ ማንሣት፣ ሌሊት በባዶ እግር አለመሄድ የአራት ዓመቱ ልጅ እንኳን በጥቂት ቀን የለመደው ሥርዓት ሆነ። ጫማውን አራግፎ «ባዶ ነው!» ብሎ መጮህ ጨዋታው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ንድፊያ ሊያጋጥም ይችላል። በዚያው ቤት አባትየው ከጋራዥ ሣጥን ሲያነሣ መካከለኛ ጣቱን ተነደፈ። ሕመሙ ወዲያው እንደ እሳት ነደደ፤ ቆይቶ መደንዘዝና መውረር እስከ ክርኑ ወጣ። ጣቱ ግን አላበጠም፤ ብዙም አልቀላም። የቅርፊቱ ጊንጥ ንድፊያ ምልክቱ ይኸው ነው፤ ዓይን የሚያየው ትንሽ፣ ሰው የሚሰማው ብዙ። የተነደፈውን ቦታ በጣት ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርጉት ሕመሙ ይብሳል።

ያደረገው ነገር በሙሉ ትክክል ስለነበር በዝርዝር እነግራችኋለሁ። ቀለበቱን አወለቀ። ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጠበ። ቀዝቃዛ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አድርጎ አነሣ፤ ቆይቶ ደገመ። እጁን በልቡ ልክ ትራስ ላይ አሳረፈ። አሜሪካ ታይለኖል የሚባለውን ፓራሲታሞል ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ዋጠ። ከዚያ 1-800-222-1222 ደወለ። ይህ የመርዝ መረጃ ማዕከል ቁጥር ነው፤ ሌሊትም በዓልም ይነሣል፤ ክፍያ የለውም፤ እንግሊዝኛው ለከበደው ሰው አስተርጓሚ ይጠየቃል። ከወዲያ ያለችው ነርስ ዕድሜውን፣ የተነደፈበትን ሰዓትና የሚሰማውን ጠየቀችው፤ ቤት መቆየት እንደሚችልም ነገረችው። መደንዘዙ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ጠፋ። በጤነኛ ጎልማሳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ አንዳንዴ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል።

ያላደረገውንም ልብ በሉ። ቦታውን በምላጭ አልበጣም፤ በአፉ አልመጠጠም፤ እጁን በገመድ አላሰረም፤ በረዶ ውስጥ አልነከረም፤ አረቄም አልጠጣም። መብጣትና ማሰር መርዙን አያወጣም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል። ቆዳን በረዶ ውስጥ ነክሮ ማቆየት ደግሞ ራሱ ይጎዳል።

የተነደፈው ያ የአራት ዓመት ልጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የዚህ ጊንጥ መርዝ ነርቭን ያስቆጣል፤ በትንሽ ገላ ላይ ኃይሉ ይበዛል። ልጁ ዓይኑ ያለ ፈቃዱ ወዲያ ወዲህ ከተንከራተተ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ምላሱ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ እጅና እግሩን ካወራጨ፣ ትንፋሹ ከከበደው 911 የሚደወልበት ሰዓት ነው። እስኪደርሱ ድረስ ምንም አታብሉት፣ ምንም አታጠጡት፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ይታነቃል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ድንገት የሚጮኽና ዓይኑ የሚንከራተት ጨቅላም ጊንጥ ነድፎት ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን «ተነደፍኩ» አይልም። ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ የሚበረቱት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ የተነደፈ ትንሽ ልጅ ደህና ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ መርዝ ማዕከሉ ይደወላል።

ደስ የሚለው ነገር ማርከሻ አለ። አናስኮርፕ ይባላል፤ ሜክሲኮ ውስጥ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ነው። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ሌስሊ ቦየር የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በጠና የታመሙ 15 ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ማርከሻውን የተሰጡት ስምንቱም በአራት ሰዓት ውስጥ ከከባዱ ምልክት ተላቀቁ። ካልተሰጡት ሰባት ልጆች በዚያ ጊዜ የተላቀቀው አንድ ብቻ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ፈቀደው። ማርከሻው ውድ ስለሆነና በየክሊኒኩ ስለማይገኝ፣ ወደየትኛው ሆስፒታል መሄድ እንዳለባችሁ የመርዝ ማዕከሉ ይነግራችኋል።

ስለ ሸረሪት የምለው አጭር ነው፤ ምክንያቱም እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ጊንጥ የፈራ ሰው ሸረሪትን ሁሉ ይገድላል። የቤት ማዕዘን ላይ ድር የምታደራው ቀጭን ሸረሪት አትጎዳችሁም፤ ነፍሳት እየበላች ታግዛችኋለች። የምትፈልጓት ጥቁሯን ናት። ሴቷ እንደ ተወለወለ ጫማ ታብረቀርቃለች፤ ከሆዷ በታች እንደ አሸዋ ሰዓት መሐሉ የቀጠነ ቀይ ምልክት አላት። ድሯ ቅርጽ የሌለውና የተዘበራረቀ ነው፤ በእንጨት ሲነኩት እንደ ክር ጠንክሮ ሲበጠስ ይሰማል። የምትኖረው መሬት አጠገብ ነው፤ በአጥሩ ግርጌ፣ በበረንዳ ወንበር ሥር፣ በቆሻሻ መጣያው እጀታ ውስጥ፣ በዚያው በውሃ መስመሩ ሣጥን ውስጥ። ማታ ድሯ ላይ ተገልብጣ ስለምትቀመጥ ለተራ ባትሪ ትታያለች። ጓንት ሳያደርጉ እነዚህን ቦታዎች መንካት አይገባም። የነከሰችው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሆዱንና የጀርባውን ጡንቻ የሚጨብጥ ሕመም ይይዘዋል፤ ያልበዋል። እጥበቱና ቀዝቃዛ ጨርቁ እንደ ጊንጡ ነው፤ የጡንቻው ሕመም ከጀመረ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ቡናማዋ፣ ጀርባዋ ላይ የቫዮሊን ቅርጽ ያላትም በአሪዞና በረሃ አለች፤ ዓይናፋር ስለሆነች ግን በከተማ ቤት እምብዛም አትገኝም። የሚቆስልና የሚመግል ነገር ሁሉ «ሸረሪት ነክሶኝ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ሸረሪቷ ካልታየች አብዛኛው የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። ለሐኪም ስታሳዩ በሸረሪት ላይ አትወስኑ፤ ሐኪሙ ይወስን።

በሌላ አገር ሆናችሁ ይህን ለምታነቡም አንድ ነገር ልጨምር። ጨለማን የሚገልጠው ባትሪ፣ የካርዱ መለኪያና ጫማ ማራገፍ በድሬዳዋም፣ በሰመራም፣ በቤርሼባም፣ በሪያድም ይሠራል፤ ጊንጥ ከሞላ ጎደል ሁሉ ያበራልና። የሚለየው መርዙ ነው። በኢትዮጵያ ቆላ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገር ያሉት ሌዩረስ የሚባሉት ቢጫ ጊንጦች መርዛቸው ልብንና ሳንባን ሊያውክ ይችላል። በእነዚህ አገሮች ጎልማሳም ቢሆን ማስመለስ፣ ከባድ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ቤት አይቀመጥም። ትንሽ ልጅ ከሆነ ምልክቱን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ነው። የአሪዞናው ማርከሻ ለእነዚህ አይሆንም፤ ማርከሻ የሚሠራው ለየአካባቢው ጊንጥ ነው። ከተቻለ የነደፈውን ጊንጥ ከሩቅ ፎቶ አንሥታችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ለመያዝ ስትሉ ግን ሁለተኛ ንድፊያ አትግዙ።

ፊኒክስና ቱሳን ያላችሁ፣ ስልካችሁን አውጡና 1-800-222-1222ን አሁን መዝግቡ፤ ለባለቤታችሁም፣ ልጅ ለምትይዝላችሁ እናታችሁም ላኩላቸው። ዛሬ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የበራችሁን ዙሪያ ፈትኑ። ብርሃን የገባበትን ቦታ ነገ ድፈኑት።